ምዕራፍ ሰባት፦ ቁልፍ ሲሰጥ የሚጻፍ የቤት ምስክርነት

ቁልፍ ከአከራይ እጅ ወጥቶ ወደ ተከራይ እጅ የሚገባበት ሰዓት፣ ወለሉ በአልጋና በሶፋ ሳይከደን፣ ግድግዳው በሥዕል ሳይሸፈን፣ ምድጃው ገና የማንንም ወጥ ሳያውቅ፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ባዶ ቤት ውስጥ አብረው ቆመው አንዱን ነገር እኩል ሊያዩት የሚችሉበት ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ተከራዩ ቤቱን የሚያየው እንደ ጎብኚ ነው፤ የሚጨነቀው ስለ ኪራዩ ልክና ስለ ሰፈሩ እንጂ ስለ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጭረት አይደለም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ቤቱ በተከራዩ እጅ ስለሚሆን፣ ከዚያን ዕለት ወዲህ የሚታየው ጉድለት ሁሉ ቀድሞ የነበረ ይሁን ወይም በእርሱ ዘመን የመጣ መሆኑ አይለይም። ስለዚህ በዚያች ሰዓት ቤቱ ያለበት ሁኔታ ክፍል በክፍል ተጽፎ፣ ዕለቱ በታወቀ ፎቶግራፍ ተደግፎ፣ በአከራይና በተከራይ ፊርማ የጸና እንደ ሆነ፣ ያ ጽሕፈት ዓመታት ካለፉ በኋላ ስለ ቤቱ የሚናገር እማኝ ይሆናል።

ይህን ነገር ለማስረዳት የመረጥሁት በአሜሪካ የዋሽንግተን ስቴት ሥርዓት ነው። ምክንያቴም ሁለት ነው፤ አንደኛ በሲያትልና በዙሪያዋ ብዙ ወገኖቻችን ተከራይተው ስለሚኖሩ፣ ሁለተኛም የዚያ ስቴት ሕግ ይህን ጽሕፈት እንደ በጎ ልማድ ብቻ ሳይተወው በግልጽ ስለሚያዝዘው ነው። በ1973 በወጣው የመኖሪያ ቤት አከራይና ተከራይ ሕግ፣ በቁጥር 59.18.260 በተመለከተው ክፍል መሠረት፣ አከራይ ከተከራይ የመያዣ ገንዘብ ለመቀበል የሚችለው ውሉ በጽሑፍ ሲሆንና ተከራዩ በሚገባበት ጊዜ የቤቱን ሁኔታ፣ ንጽሕናውንና ቀድሞ የነበረበትን ጉዳት የሚዘረዝር ጽሕፈት ሲሰጠው ነው፤ ዝርዝሩም ግድግዳውን፣ የወለሉን ልባስ፣ ምንጣፉን፣ መጋረጃውን፣ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ፣ ከቤቱ ጋር የሚከራዩትን ዕቃዎችና ማሽኖች ሁሉ ይነካል። ጽሕፈቱ በሁለቱም ተፈርሞ ዕለቱ ይጻፍበታል፤ ተከራዩም ቅጂውን ይወስዳል። አከራዩ ይህን ሳያደርግ መያዣ ተቀብሎ ከተገኘ፣ ለተከራዩ የመያዣውን ገንዘብ ያህል ባለዕዳ ይሆናል። አበሻው በአፉ «ሙቭ ኢን ቼክሊስት» የሚለው ወረቀት ይኸው ነው።

ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው መያዣ የሚባለው ገንዘብ ራሱ እንግዳ ነገር መሆኑን ሳልጠቅስ አላልፍም። በአገር ቤት ተከራዩን የሚያስጨንቀው ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ የጥቂት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ ይከፈላል፤ ያ ገንዘብ ግን ወር እየቆጠረ የሚያልቅ ኪራይ እንጂ አንድ ቀን ተመላሽ ይሆናል ተብሎ የሚጠበቅ ንዋይ አይደለም። በውሉም ላይ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቤቱ ሁኔታ የሚነገረው «ቤቱን በመልካም ሁኔታ ተረክቤአለሁ» በምትል በአንዲት አረፍተ ነገር ተጠቃሎ ያልፋል። በሲያትል ግን መያዣው፣ በሕዝቡ አነጋገር ዲፖዚቱ፣ ተከራዩ ቤቱን በተረከበበት ሁኔታ ከመለሰ የሚመለስለት የራሱ ገንዘብ ነው፤ «በተረከበበት ሁኔታ» የሚለው ቃል ትርጉም የሚያገኘውም ከዚያው ከርክክቡ ጽሕፈት ነው። የአገር ቤቱን ልማድ ይዞ የሄደ ሰው ታዲያ ቅጹን ሲያይ እንደዚያችው እንደ አንዲቷ አረፍተ ነገር ይቆጥረዋል፤ ከላይ እስከ ታች «ጥሩ፣ ጥሩ፣ ጥሩ» ብሎ ይሞላና ፈርሞ ቁልፉን ይቀበላል።

እኔ በዚህ ቅጽ ላይ ከሚጻፉት ቃላት ሁሉ እጅግ የምፈራው ይህንኑ «ጥሩ» የሚለውን ነው። ቃሉ ውሸት ስለ ሆነ አይደለም፤ ምንም ሳይናገር የሚያስር በመሆኑ ነው። «የሳሎን ምንጣፍ፦ ጥሩ» ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያ ምንጣፍ ላይ የሚገኝ ቃጠሎ፣ እድፍ ወይም ቅዳጅ ሁሉ በተከራዩ ዘመን የመጣ ነው ተብሎ ይቆጠራል፤ ምክንያቱም ተከራዩ ራሱ በፊርማው የመሰከረው ምንጣፉ በገባበት ዕለት ምንም እንዳልነበረበት ነውና። ስለዚህ አንድ ጉድለት በቅጹ ላይ ሲሰፍር ሦስት ነገር ይዞ መስፈር አለበት፤ ምን እንደ ሆነ፣ ከየት እስከ የት እንዳለ፣ ልኩም ስንት እንደ ሆነ። «ምንጣፉ ተጎድቷል» ማለት ብዙ አይጠቅምም፤ ማን ነው ይህ ጉዳት ያን ጊዜ ጣት የሚያህል ነበረ ወይስ ክንድ የሚያህል ብሎ የሚመልስ? «በሳሎን ምንጣፍ ላይ፣ ከበረንዳው መስተዋት በር ሁለት ጫማ ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ፣ የሩብ ዶላር ሳንቲም የሚያህል ጥቁር ቃጠሎ» የተባለ እንደ ሆነ ግን፣ ቤቱን በዓይኑ ያላየ ዳኛ እንኳ በሐሳቡ ሄዶ በዚያ ስፍራ ይቆማል። ጎን ለጎን ሳንቲሙን አስቀምጦ ፎቶ ማንሣትም ስለ ልኩ የሚነሣውን ክርክር ከሥሩ ይቆርጠዋል።

ጉድለትን ለማግኘት ደግሞ ዓይን ብቻ አይበቃም፤ ብርሃንም ያስፈልጋል። ከጣራ በቀጥታ የሚወርድ የኤሌክትሪክ ብርሃን ጭረትን ይሰውራል፤ የእጅ ባትሪውን ወይም የስልኩን መብራት ከጠረጴዛው ጫፍ ጋር አስተካክሎ በአግድም ያበሩት እንደ ሆነ ግን፣ እያንዳንዷ የቢላ ጭረት የራሷን ጥላ ትጥላለች፤ ቀድሞ እንደ መስተዋት የለሰለሰ የመሰለው ገጽ እንደ ታረሰ ማሳ ሆኖ ይታያል። ምንጣፍም ቆመው ሲያዩት አንድ ይመስላል፤ በጉልበት ተንበርክከው በእጅ ሲዳብሱት የደረቀው፣ የተጣበቀው፣ የተቀደደው ተለይቶ ይሰማል። ውኃውን ከፍቶ ጥቂት ደቂቃ ማፍሰስ፣ ከእቃ ማጠቢያው በታች ያለውን ቁም ሣጥን ከፍቶ ማሽተትና የእንጨቱን ወለል መዳሰስ፣ የምድጃውን ሆድ ከፍቶ ማየት፣ እያንዳንዱን መስኮት ከፍቶ መዝጋትና መቀርቀር፣ ይህ ሁሉ ከሠላሳ እስከ አርባ ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው። በሲያትል በተለይ የመታጠቢያ ቤቱ ጣራና የመስኮቱ ጠርዝ መታየት አለበት፤ አገሩ እርጥብ ስለ ሆነ በክረምት ወራት በዚያ ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል፤ አከራዩም «መስኮት አትከፍቱም፣ እንፋሎት ታበዛላችሁ» ብሎ ተከራዩን መውቀስ ልማዱ ነው። በገቡበት ዕለት በዚያ ስፍራ ቀለም የተቀባበት እድፍ ከሥር ቢጫ ሆኖ ቢታይ፣ ያ ነገር አስቀድሞ የነበረ ደዌ መሆኑን ስለሚመሰክር ሳይጻፍ መታለፍ የለበትም።

ስለ ፎቶግራፉ ጥቂት መዘግየት ይገባል፤ ሰው ብዙ ፎቶ ባነሣ ቁጥር የተጠበቀ ይመስለዋልና። መቶ ፎቶ አንሥቶ የትኛው የየትኛው ክፍል እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው፣ በጭንቁ ቀን መቶ እንቆቅልሽ ይዞ ይቀርባል። ለአንድ ጉድለት ሦስት ፎቶ በቂ ነው፤ የመጀመሪያው ከክፍሉ በር ላይ ቆሞ ክፍሉን በሙሉ የሚያሳይ፣ ሁለተኛው ጉድለቱ ያለበትን ግድግዳ ወይም ወለል ከነአጎራባቹ የሚያሳይ፣ ሦስተኛው ቀርቦ ጉድለቱን ብቻ ከነሳንቲሙ የሚያሳይ። የመጨረሻው ብቻውን የተነሣ እንደ ሆነ፣ ተከራካሪው «ይህ የኔ ቤት ምንጣፍ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሁለቱ ቀዳሚዎች ግን ከበሩና ከመስኮቱ ጋር ያያይዙታል። እያንዳንዱ ፎቶ ተራ ቁጥር ይሰጠውና ቁጥሩ በቅጹ ላይ ከጉድለቱ መግለጫ አጠገብ ይጻፋል፤ «ፎቶ 12፣ 13፣ 14» ተብሎ። ፊርማው ያረፈው በወረቀቱ ላይ ስለ ሆነ፣ ወረቀቱ የጠራው ፎቶ ከፊርማው በታች ይገባል፤ ያልጠራው ፎቶ ግን የአንድ ወገን ማስታወሻ ሆኖ ይቀራል።

ዕለቱስ? ስልክ ፎቶ ሲያነሣ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን በፎቶው ፋይል ውስጥ ሰውሮ ይጽፋል፤ ይህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ድካም አለበት። አንደኛ፣ የስልክ ሰዓት በባለቤቱ እጅ ሊለወጥ የሚችል ስለ ሆነ፣ ተከራካሪው ይህን ሊያነሣ ይችላል። ሁለተኛ፣ ፎቶው በዋትስአፕና በመሰሎቹ እንደ ፎቶ የተላከ እንደ ሆነ፣ መልእክት አድራሹ ፋይሉን ሲያሳንሰው ያንን የተሰወረ ጽሑፍ ስለሚያስቀረው፣ ለወዳጅ ልኮ ከስልክ ያጠፋ ሰው ዕለት የሌለው ፎቶ ይቀርለታል። ለሁለቱም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ዋናዎቹን ፎቶዎችና የተፈረመውን ቅጽ በዚያው ዕለት በኢሜል ለአከራዩ መላክ። የኢሜሉ ዕለት በላኪውም በተቀባዩም ሳጥን ተመዝግቦ ይቀራል፤ አንዱ ወገን ብቻውን ሊለውጠው አይችልም።

በዚህ ላይ ለእኛ ለአበሾች ብቻ የሚሆን አንድ መሰናክል አለ። አሜሪካኖች ወሩን አስቀድመው ቀኑን ያስከትላሉ፤ 9/1 ብለው ሲጽፉ ሴፕቴምበር 1 ማለታቸው ነው፤ ቀን አስቀድሞ ወር በማስከተል የለመደ የእኛ ሰው ግን ያንኑ ጽሑፍ መስከረም 9 ብሎ ያነብበዋል፤ በዚያ ላይ የአቆጣጠሩ ልዩነት ሲጨመርበት ነገሩ ይደበላለቃል። የራሱን ማስታወሻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር «ነሐሴ 26፣ ከቀኑ 10 ሰዓት» ብሎ የያዘ ሰው፣ ቅጹ ላይ ሴፕቴምበር 1 ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት መሆኑን ወዲያው ካላስተካከለ፣ እውነተኛ ማስታወሻው ከእውነተኛው ቅጽ ጋር የሚጣላ ይመስላል። በቅጹ ላይ የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

አሁን ወደ ፊርማው እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት በዚህ ነውና። በሕጉ አሳብ ሁለቱ ሰዎች አብረው ቤቱን ዞረው፣ አይተው፣ ጽፈው፣ በዚያው ስፍራ ይፈራረማሉ። በብዙ አፓርትመንት ግን ማኔጀሩ ቁልፉንና ባዶውን ቅጽ በአንድ ፖስታ ይሰጥና «በሰባት ቀን ውስጥ ሞልተህ አምጣ» ይላል። ተከራዩ ሞልቶ ይወስዳል፤ ጸሐፊዋ ተቀብላ በፋይል ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ በአከራዩ በኩል ማንም አይፈርምም። ይህ ወረቀት ከምንም ይሻላል፤ ሆኖም የአንድ ወገን ቃል ነው፤ በመውጫው ቀን «ይህን እኛ አላየነውም» የሚባልበት ቀዳዳ ክፍት ነው። እንዲህ ያጋጠመው ሰው ቅጹን ከማስረከቡ በፊት ገጽ በገጽ ፎቶ ያንሣው፤ «በአከራዩ በኩል ፈርማችሁ ቅጂውን እንድትሰጡኝ እለምናለሁ» የሚል አጭር ኢሜል አያይዞ ይላክ፤ መልስ ካልመጣ ከሳምንት በኋላ ይድገመው። ሕጉ ለተከራዩ ቅጂው ይገባዋል ስለሚል፣ የጠፋበትም እንደ ሆነ አንድ ጊዜ ያለ ዋጋ ሌላ ቅጂ ለመጠየቅ መብት ስላለው፣ ይህ ልመና ድፍረት አይደለም። «ካልፈረሙ ዲፖዚቴን በሙሉ ያስመልስልኛል» ብሎ ሆነ ብሎ ዝም ማለትን ግን አልመክርም፤ መብቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በፍርድ ቤት ካልሆነ በቀር በእጅ የማይገባ መብት ስለ ሆነ፣ የተፈረመ ወረቀት ከእርሱ ይልቅ ፈጥኖ ያድናል።

ይህን ሁሉ በሥራ ላይ ያየሁበትን አንድ ጉዳይ ልተርክ። እንግሊዝኛው ገና ያልተፈታላት አንዲት እኅት በደቡብ ሲያትል ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ስትከራይ፣ ላስተረጉምላት አብሬአት ሄድሁ። ዕለቱ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2023 ነበር፤ መያዣው 1,200 ዶላር። ማኔጀሩ በጎ ሰው ነበረና አብሮን ሊዞር ፈቀደ፤ ነገር ግን ቢሮው ሊዘጋ ሲል የደረስን በመሆናችን ይቸኩል ነበር። በሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ቀደም ብዬ የጠቀስሁትን ቃጠሎ ያየችው እርሷ ናት፤ ጫማዋን አውልቃ ስትሄድ በእግሯ ጣት ሻከራትና ጎንበስ ብላ ዳሰሰችው። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ተቃጥሏል፤ ይጻፍልኝ» አለችኝ። ሳንቲም አስቀመጥን፣ ሦስት ፎቶ አነሣን፣ ቁጥሮቹን ጻፍን። ወደ ወጥ ቤቱ ስንገባ መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል ነበር፤ የጣራው መብራት በጠረጴዛው ላይ በቀጥታ ይወርዳል። እኔ በእጄ ዳበስ አድርጌ «ምንም የለበትም፤ ጥሩ በይው» አልኋት፤ እርሷም እንዳልኋት አደረገች። ሁለቱም ፈረሙ፤ ቅጂውም ከቁልፉ ጋር በእጇ ገባ።

ሁለት ዓመት ኖራ ኦገስት 31 ቀን 2025 ለቀቀች። በዚያ ስቴት አከራይ ቤቱ ከተለቀቀ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ወይ መያዣውን በሙሉ መመለስ፣ ወይ ያስቀረውን ከነምክንያቱና ከነማስረጃው በዝርዝር ጽፎ መላክ አለበት፤ ቀድሞ ጊዜው 21 ቀን ነበር፤ በ2023 በተደረገው ማሻሻያ ረዘመ። ለእርሷ በ24ኛው ቀን ደብዳቤ መጣላት፤ የሳሎኑን ምንጣፍ ለመለወጥ 620 ዶላር፣ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጭረት ለማደስ 240፣ ምድጃውን ለማጽዳት 60፣ በድምሩ 920 ተቀንሶ 280 ዶላር በቼክ ተመልሶላት ነበር። ደብዳቤውን ይዛ ስትመጣ ፊቷ ጠቁሮ ነበር፤ እኔ ግን ሌላውን ሁሉ ትቼ መጀመሪያ የጠየቅኋት ያቺ ወረቀት የት አለች ብዬ ነው። አወጣቻት፤ የሁለቱም ፊርማ አለባት።

ወረቀቷን ከደብዳቤው ጋር አስተያየናት። የምንጣፉ ነገር ግልጽ ነበር፤ አከራዩ በደብዳቤው «ከበረንዳው በር አጠገብ ያለ ቃጠሎ» ብሎ የጠራው፣ በማኔጀሩ ፊርማ ሥር በገባችበት ዕለት የተመዘገበው ያው ቃጠሎ ነው። ባይመዘገብ ኖሮ እንኳ፣ ከተለመደ አጠቃቀም ያለፈ ጉዳት የዕቃውን ክፍል ብቻ የነካ እንደ ሆነ፣ ከተጎዳው ክፍል ዋጋ በላይ ማስቀረት ክልክል መሆኑን ያው የ2023 ማሻሻያ ይናገራል፤ ሳንቲም ለሚያህል ቃጠሎ የሳሎን ምንጣፍ በሙሉ አይከፈልም። የምድጃው ነገር ደግሞ የእርሷ ነበር፤ ቅባቱን ሳታጸዳ መውጣቷን ራሷ አመነች፤ 60ውን ተወችው። የጠረጴዛው 240 ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ወደ መውጫው ፎቶዎች ሄደን ስናያቸው ጭረቶቹ የአሮጌ ቢላ ጭረቶች ነበሩ፤ ከፊሎቹ ቅባት ጠጥተው ጠቁረዋል፤ በእኔ እምነት ብዙዎቹ ከእርሷ በፊት የነበሩ ናቸው። ሆኖም በቅጹ ላይ «ጥሩ» የሚል ቃል ከፊርማዋ ጋር ቆሞ ነበር፤ ያን ቃል ያስጻፍሁትም እኔ ነኝ፤ መብራቱን በአግድም ሳላበራ።

ስለዚህ በጻፍንላት ደብዳቤ የጠየቅነው 620ውን ብቻ ነበር። ደብዳቤው አጭር ነበር፤ የቅጹን ተራ፣ የፎቶዎቹን ቁጥር፣ የተፈረመበትን ዕለት፣ የሕጉን ክፍል ቁጥር ጠቅሶ፣ ቅጂዎቹን አያይዞ፣ እስከ ተወሰነ ቀን መልስ እንዲሰጥ ይለምናል። ቃላችንን ስለ ማብዛት ሳይሆን ስለ መመጠን አሰብን፤ ስለ ችግሯ፣ ስለ ደከመችበት ገንዘብ፣ ስለ አከራዩ ጭካኔ አንድ ቃል አልጻፍንም፤ ወረቀቷ ራሷ ተናጋሪ ነበረችና። ከ11 ቀን በኋላ የ620 ዶላር ቼክ መጣ። ባይመጣ ኖሮ የሚቀጥለው መንገድ ትንንሽ ክርክሮችን የሚያይ ችሎት ነበር፤ በዚያ ስቴት አንድ ሰው እስከ 10,000 ዶላር ድረስ ያለ ጠበቃ የሚከራከርበት ስፍራ ነው፤ አከራዩ መመለስ የሚገባውን ሆነ ብሎ እንደ ከለከለ የታመነ ከሆነም ዳኛው እስከ እጥፍ ድረስ ሊፈርድበት ይችላል።

ከዚህ ጉዳይ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር ሳይብራራ መቅረት የለበትም፤ ይኸውም በጉዳትና በልባሽነት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሕጉ ቤት በተለመደ አጠቃቀም ሲያረጅ ተከራይን አያስጠይቅም፤ ሰው የሚመላለስበት ምንጣፍ ይሳሳል፣ ፀሐይ የሚመታው መጋረጃ ይነጣል፣ የበር እጀታ ይለቃል። ምንጣፍ ማሳጠብም ቢሆን ከተለመደው ያለፈ መጎዳት ካልተመሰከረ ከመያዣው ሊቆረጥ አይችልም። ታዲያ ልባሽነት በጊዜ የሚለካ በመሆኑ መነሻውን ሳያውቁ ልኩን ማወቅ አይቻልም፤ በገቡበት ዕለት ምንጣፉ የሳሳ ነበረ ወይስ አዲስ? «በመተላለፊያው ላይ ጠጉሩ የተኛ፣ ቀለሙ የደበዘዘ» የሚል አንድ መሥመር ጉድለትን አይከስስም፤ ነገር ግን ምንጣፉ ያን ጊዜም አሮጌ እንደ ነበረ ስለሚናገር፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የአዲስ ምንጣፍ ዋጋ እንዳይጠየቅበት ያደርጋል። ከቤቱ ጋር የሚከራዩ ዕቃዎችና ማሽኖች ሁኔታቸው በዚያ ጽሕፈት ላይ በሚገባ ካልተመዘገበ፣ አከራዩ ስለ እነርሱ እድሳትና መለወጫ ከመያዣው ምንም ማስቀረት እንደማይችል በዚያው ማሻሻያ ስለ ተደነገገ፣ ቅጹን አሟልቶ መሙላት ለአከራዩም ያው ጥቅም አለው። አንድ አከራይ ወዳጄ ስለ አዲሱ ማቀዝቀዣው በር ውስጠኛ መደርደሪያ «ሙሉ፣ ሰባራ የሌለው» ብሎ አስፈርሞ ነበርና፣ ተከራዩ ሲወጣ ሁለቱ መደርደሪያዎች ተሰብረው ሲገኙ ያለ ክርክር ተከፍሎታል።

በመጨረሻ በወገኖቻችን መካከል ስላለው ኪራይ አንድ ነገር ልበል። አዲስ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው በአበሻ ቤት ነው፤ ቤት ያላቸው አንድ ክፍል ወይም ምድር ቤቱን ያከራዩታል፤ ገንዘቡ በእጅ ይሰጣል፤ ቁልፉም ከቡና ጋር ይመጣል። በዚያ ሰዓት ወረቀትና እስክሪብቶ ማውጣት ነውር ይመስላል። አንድ ወጣት ይህን ለአንዲት እናት ሲጠይቅ ሰምቼ ነበር። «እትዬ፣ ክፍሉን አብረን አይተን ብንፈራረም?» ሲላቸው፣ «ልጄ፣ እኔን አታምነኝም ማለት ነው?» አሉት፤ ፊታቸውም ተለወጠ። ልጁ ግን ብልህ ነበር፤ «እርስዎንማ አምናለሁ፤ ነገር ግን የመኝታ ቤቱ መስኮት ፍሬም ከሥሩ በስብሷል፤ ዛሬ ካላዩት ነገ እኔ አበሰበስሁት ብለው እንዳያዝኑብኝ ነው» አላቸው። ተነሥተው ሄዱ፤ በጣታቸው ጫን ሲሉት እንጨቱ እንደ ዳቦ ሰረጎደ። አላወቁም ነበር። ወረቀቱ ተጻፈ፤ ሁለቱም ፈረሙ፤ መስኮቱም በዚያው ወር ተለወጠ።

ቅጹ ከተፈረመ በኋላ ከቁልፎቹ ቁጥር ጋር፣ የቤቱም የፖስታ ሳጥኑም፣ የዋናው በር መክፈቻም ካለ እርሱም ተቆጥሮ፣ በአንድ ፖስታ ውስጥ ይቀመጣል። ሰው ቤቱን ለቅቆ መያዣውን ከተቀበለ በኋላ ፖስታውን መጣል አይገባውም። አከራይ ከመያዣው በላይ የደረሰ ጉዳት አለብኝ ብሎ ለመክሰስ ውሉ ካለቀ በኋላ ሦስት ዓመት ጊዜ አለውና፣ እስከዚያ ድረስ ወረቀቷ ከፓስፖርቱ አጠገብ ትቆይ።